ደጀን አፋፍ ላይ 110 ሜትር ተቆፍሮ ውሃ ያልሰጠ ጉድጓድ፦ ምንጩ እኮ 130 ሜትር አጠገቡ ነው!

የአፋፉ ልጅ (ግንቦት 2)

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ በምትገኝ ቀበሌ ነው። የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ጥር ላይ አንድ ድርጅት መጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረልን። 110 ሜትር ወረዱ። ውሃ የለም ብለው አፉን በብረት ክዳን ዘግተው ሄዱ። ሕዝቡ እንጨትም ድንጋይም አዋጥቶ ነበር፣ በጣም አዝኗል።

ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከጉድጓዱ 130 ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ምንጭ አለን። አያቶቻችን የጠጡት ነው። እንዴት ነው ምንጭ አጠገብ ተቆፍሮ ውሃ የሚጠፋው? ደግሞ ከዚያ ወዲህ ምንጩ ራሱ እየቀጠነ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቦታ ሊመርጡ የመጡት ሰዎች ሲለኩ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ይሞላ ነበር። ትናንት እኔ ስለካው 66 ሴኮንድ ፈጀ። ሰው «ጉድጓዱ ምንጫችንን ጠጣው» እያለ ነው። እውነት ሊሆን ይችላል?

ባለሪጉ (ግንቦት 2)

ወንድሜ፣ እኔ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን፣ ሪግ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ከመሬት በታች የውሃ መስመር አለ፣ እንደ ወንዝ የሚሄድ። እናንተ መስመሩን ስታችሁታል። አሥር ሜትር ወደ ጎን ብትሉ ታገኙት ነበር። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ደረቅ ወጥቶ፣ ሃያ ሜትር ወዲያ በሴኮንድ 6 ሊትር ሲሰጥ አይቻለሁ። ሪጉን መልሳችሁ አስመጡ።

የዳንግላዋ (ግንቦት 2)

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። በግቢዬ ያለው የእጅ ጉድጓድ 11 ሜትር ነው። ክረምት ላይ በባልዲ ጎንበስ ብዬ የምቀዳው ውሃ ሚያዝያ ሲደርስ ጭቃ ብቻ ይቀራል። እኔም ሪግ ላስመጣ ወይ?

አለት አንባቢ (ግንቦት 3)

የአፋፉ ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ 20 ዓመት ሆኖኛል፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ጎጃም ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ከመናገሬ በፊት ግን ሦስት ነገር ንገረኝ። ሲቆፈር በየስንት ሜትሩ ምን ዓይነት አፈርና ድንጋይ ወጣ? የብረት ወይም የፕላስቲክ ቱቦው (ኬዚንግ የሚሉት) እስከ ስንት ሜትር ገባ? ቦታውን ሲመርጡ መሬቱን በኤሌክትሪክ ለክተው ነበር?

ባለሪጉ ያለውን ግን እዚሁ ላንሳው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ። የኛ አገር ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ጠንካራው መሐሉ ውሃ አይዝም። ውሃው የሚሄደው በስንጥቁ ነው። ወይም አንዱ የእሳተ ገሞራ ፍሰት በሌላው ላይ በተደረበበት ድንበር ላይ፣ እንደ እንጀራ ዓይን በተበሳሳው ክፍል በኩል። ስለዚህ ሃያ ሜትር መራቅ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ስንጥቁን ታገኘዋለህ ወይም ትስተዋለህ። ወንዝ ግን የለም። ወንዝ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በበሰበሰ ድንጋይ ውስጥ ያለ ውሃ፣ መሬቱ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በቀን አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ደኅና ነው። በዓመት 36 ሜትር መሆኑ ነው። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ከዚህ ይፈጥናል፣ ግን እሱም ወንዝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጉድጓድ የሚሞላው ከሩቅ እየጎረፈ በሚመጣ ውሃ ሳይሆን ዙሪያው ካለው ድንጋይ ቀስ እያለ በሚሰርግ ውሃ ነው።

የአፋፉ ልጅ (ግንቦት 3)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ቆፋሪዎቹ የወጣውን ዱቄት በየሁለት ሜትሩ መሬት ላይ በተራ ደርድረውት ነበር። እኔም ፎቶ አነሳሁት፣ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት።

እስከ 3 ሜትር ጥቁር መረሬ። ከዚያ እስከ 20 ቡናማ፣ በእጅ የሚፈርስ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከ17 በኋላ ዱቄቱ እርጥብ ሆነ። ከ20 እስከ 26 ቀይ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሸክላ። ከ26 እስከ 61 ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ፣ የሚወጣው አቧራ ብቻ። ከ61 እስከ 66 ሬድ አሽ የምንለው ቀይ ቀላል ድንጋይ፣ እዚያ ላይ ዱቄቱን የሚያወጣው የኮምፕሬሰሩ አየር ጠፋ፣ ዱቄቱም መውጣት አቆመ። ከዚያ እስከ 110 እንደገና ጥቁር ድንጋይ። 104 ላይ ትንሽ እርጥበት ነበር።

ቱቦ የገባው ላይኛው 6 ሜትር ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ባዶውን ነው። በኤሌክትሪክም ለክተው ነበር። ወረቀቱ ላይ ከ18 እስከ 28 ሜትር «12 ኦም ሜትር፣ ውሃ ያለበት ሊሆን ይችላል» ይላል።

ባለሪጉ (ግንቦት 3)

አየሩ 61 ላይ ከጠፋ እኮ ክፍት ቦታ አለ ማለት ነው። እኛ አየር ሲጠፋ ደስ ነው የሚለን፣ የውሃ ምልክት ነው።

አለት አንባቢ (ግንቦት 4)

ወንድሜ ባለሪጉ፣ አየር መጥፋቱ የክፍት ቦታ ምልክት ነው። ውሃ መኖሩን ግን አይነግርህም። ባዶ ጎተራም ክፍት ቦታ አለው። ሬድ አሹ ጥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ነው። ይኸው ድንጋይ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ አካባቢ ቢሆን ጉድጓዱ ያስደስትህ ነበር። እዚህ ግን ቦታው አፋፍ ነው። የዓባይ ሸለቆ ደጀን ላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ክፍት የሆነው ድንጋይ ጎኑ ገደሉ ላይ ተቆርጦ ወጥቷል። ክረምት የገባበት ውሃ በዚያው በጎን ይፈስና ያልቃል። ከታች የተበሳ እንስራ እንደማለት ነው።

ጉድጓድ ውሃ እንዲሰጥ ድንጋዩ ክፍት መሆኑ አይበቃም። ክፍት ቦታው በውሃ የተሞላ መሆን አለበት። እንዲሞላ ደግሞ ከላይ የሚገባው ከታች ከሚወጣው ማነስ የለበትም። አፋፍ ላይ መውጫው ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ቀዩ ሸክላ ልምጣ። ይህ አንድ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ ለረጅም ዘመን ዝናብና ፀሐይ ያበሰበሰው አፈር ነው። በኋላ ሌላ ፍሰት መጥቶ ሸፈነው። ውሃ አያሳልፍም። የክረምቱ ዝናብ በመረሬው ስንጥቅና በበሰበሰው ድንጋይ አልፎ ይወርድና ቀዩ ሸክላ ላይ ይቆማል። ከዚያ በሸክላው ላይ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። ሸክላው ቁልቁለቱ ላይ ብቅ በሚልበት ቦታ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያ የናንተ ምንጭ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከበታቹ ያለው ድንጋይ ደረቅ ነው። ውሃችሁ የተንጠለጠለ ውሃ ነው፣ ቆጥ ላይ እንደተቀመጠ እህል።

የኤሌክትሪክ ልኬቱ ያሳሳታቸው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የያዘ ድንጋይም፣ እርጥብ ሸክላም ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋሉ። በደንብ በሚያሳልፍ ነገር ላይ ቁጥሩ ያንሳል። 12 የሚል ትንሽ ቁጥር ሲያዩ ውሃ ነው አሉ። ያዩት ሸክላውን ነው። ከሸክላው በላይ ያለችው የሦስት ሜትር ውሃ በዚያ ጥልቀት ላይ ለመሣሪያው ለብቻዋ አትለይም። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ እንዲሁ ተሳስቼ ቦታ መርጬ አውቃለሁ። አሁን በአቅራቢያው ገደል ወይም ወንዝ ዳር ሄጄ የድንጋዩን ተራ በዓይኔ ሳላይ በቁጥር ብቻ ቦታ አልመርጥም።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ቱቦው 6 ሜትር ላይ ካበቃ፣ ከ17 እስከ 20 ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ባዶ እየገባ ይወርዳል። ቆፋሪዎቹ የቆጡን ወለል በስተውታል። የምታረጋግጠው እንዲህ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ክዳኑን ከፍተህ ጆሮህን አስጠጋ። ቀን ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በመስታወት ብርሃኑን ወደ ውስጥ መልስና ግድግዳውን እይ። ከዚያ በገመድ ላይ ክብደት አስረህ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ለካ። ምንጩ ሥር ያለውንም አፈር ዳስሰው።

ቆላ ደጋ (ግንቦት 4)

እኛ ጋ ሁለት ጣት ባለው የወይራ እንጨት ውሃ የሚፈልጉ አባት አሉ። አንድም ቀን ስተው አያውቁም። ለምን እሳቸውን አትጠሩም?

አለት አንባቢ (ግንቦት 4)

ቆላ ደጋ፣ እናንተ ጋ የት ነው? ሜዳ ከሆነና የበሰበሰው ድንጋይ ወፍራም ከሆነ የትም ቦታ አሥር ሜትር ብትቆፍሩ ውሃ ይወጣል። እንደዚያ ባለ አገር መሳት ነው የሚከብደው። አባትን አከብራለሁ፣ ብዙዎቹ መሬቱን፣ ሣሩንና ዛፉን አይተው ነው የሚያውቁት። አፋፍ ላይ ግን ውሃው የሚገኘው በአንዲት ቀጭን ሽፋን ላይ ብቻ ነው።

የዳንግላዋ፣ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ሪግ አያስፈልግሽም። የናንተ ውሃ የበሰበሰው ድንጋይ ውስጥ ነው፣ በክረምት ከፍ በበጋ ዝቅ ይላል። ጉድጓድሽ ምናልባት ውሃው ከፍ ባለበት ወር ተቆፍሮ ይሆናል። በየትኛው ወር ነው የተቆፈረው?

የዳንግላዋ (ግንቦት 5)

ጥቅምት ላይ ነው ጋሼ። ቆፋሪዎቹ ውሃ በዛብን ብለው 11 ላይ ቆሙ።

አለት አንባቢ (ግንቦት 5)

እንደገመትኩት ነው። አሁን፣ ዝናቡ ሳይጠና ሁለት ሦስት ሜትር አስጨምሪ። ጭቃው ወጥቶ ጠንካራው ድንጋይ እስኪነካ ድረስ፣ እዚያ ይቁሙ። የሲሚንቶ ቀለበት ይግባበት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወርድ። ጭሱ ሰው ይገድላል። ውጭ ይቁም።

የአፋፉ ልጅ (ግንቦት 9)

ጋሼ፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ።

ሌሊት ሁለት ሆነን ሄድን። ክዳኑን ስናነሳ ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን መታን። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ውስጡ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ አያቋርጥም። አንዳንዴ ሁለት ጠብታ ተከታትሎ ይወርድና ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ ይሰማል። ጓደኛዬ «ይሄ የኛ ውሃ ነው» አለና ዝም አለ። በማግሥቱ በመስታወት ስናይ የግድግዳው አንድ ጎን ከላይ ትንሽ ወረድ ብሎ ያብለጨልጫል። በገመድ ስለካው ውሃው 65 ሜትር ላይ ነው። ሦስት ቀን ተከታትዬ ለካሁ፣ ከ65 ንቅንቅ አላለም።

ምንጩ ሥር ያለው አፈርም ቀይ ሸክላ ነው። ከፎቶው ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ናቸው።

ባለሪጉ (ግንቦት 9)

65 ሜትር ላይ ውሃ ካለ፣ እስከ 110 ድረስ 45 ሜትር ውሃ አለላችሁ ማለት ነው! ፓምፕ አስገቡና ጠጡት እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ?

አለት አንባቢ (ግንቦት 10)

ባለሪጉ፣ እስቲ አብረን እናስላው። ጉድጓዱ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ቁመት 18 ሊትር ገደማ ይይዛል። 45 ሜትር ማለት 800 ሊትር ነው፣ አርባ ጀሪካን። ያንን ከቀዳህ በኋላ የሚመጣልህ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ነው። እሱም የምንጩ ውሃ ነው። በራሱ ከሚፈስበት ቦታ ወስደህ 65 ሜትር ጥለህ መልሰህ በጉልበት ልታወጣው ነው።

የ65 ቁጥር ሌላም ይናገራል። ቁፋሮው ሲያበቃ ታች እርጥበት ብቻ ነበር። አሁን እስከ 65 ሞልቶ ቆሟል። ከላይ ውሃው ሳያቋርጥ እየገባ ለምን ከዚያ አይጨምርም? ምክንያቱም እዚያው ላይ ሬድ አሹ አለ። ከዚያ በላይ የመጣው ሁሉ በሬድ አሹ በኩል ወደ ገደሉ ይሄዳል። ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስንጥቅ (ግንቦት 10)

ይቅርታ ጋሼ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። እኔም በዚሁ ሙያ ነኝ። ጉድጓዱ ውሃ እያፈሰሰ መሆኑ ግልጽ ነው። ምንጩ የቀነሰው በዚያ ምክንያት ነው ለማለት ግን ቸኩለናል። የበሰበሰ ድንጋይ ውስጥ የውሃ ደረጃ መውረድ 130 ሜትር ተጉዞ ለመሰማት በእኔ ስሌት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ጥር ላይ ተቆፍሮ ግንቦት ላይ ይህን ያህል መቀነሱ ይቻላል፣ ግን ጠባብ ነው። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ማንኛውም የጎጃም ምንጭ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ይቀንሳል። ከ40 ወደ 66 ሴኮንድ መሄዱ የበጋው ብቻ ሥራ ሊሆን ይችላል። አምና በዚህ ወር ስንት ነበር?

የአፋፉ ልጅ (ግንቦት 10)

አምና አልለካንም። እማማ የሚሉት «እንዲህ ሆኖ አያውቅም» ነው። ቁጥር ግን የለንም።

አለት አንባቢ (ግንቦት 11)

ስንጥቅ፣ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ። ጉድጓዱንና ምንጩን የድንጋይ ስንጥቅ ካገናኛቸው ከሦስት ወር ይፈጥናል፣ ካላገናኛቸው ይዘገያል። በወረቀት የሚፈታ አይደለም። የአፋፉ ልጅ፣ በዚያው ቁልቁለት ከጉድጓዱ ራቅ ያለ ሌላ ምንጭ አለ? ካለ ሁለቱንም በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሰው ሳይቀዳ፣ በአንድ ጀሪካን ለካ። በጋው ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ።

ጉድጓዱን መድፈን ግን መጠበቅ የለበትም። የወረዳውን የውሃ ባለሙያ ይዛችሁ ሥሩ። ከታች እስከ 30 ሜትር በታጠበ ጠጠር ሙሉት፣ አንድ ተኩል ሜትር ኩብ የሚሆን ጠጠር ይበቃል፣ በርሜል ብትቆጥሩ ሰባት ስምንት በርሜል ነው። ጠጠሩ ላይ አንድ ሜትር አሸዋ ጨምሩ፣ ሲሚንቶው እንዳይሰርግ። ከዚያ ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ በቱቦ እስከ ታች አውርዳችሁ ከ29 እስከ 20 ሜትር ሙሉ። ከላይ እንዳትደፉት፣ ውሃው ያጥበዋል። አምስት ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ዋናው ነገር ሲሚንቶው ቀዩ ሸክላ ካለበት ቦታ ላይ መቀመጡ ነው። የተበሳውን ወለል መልሳችሁ መድፈናችሁ ነው።

ቆላ ደጋ (ግንቦት 11)

ለምን 300 ሜትር አይወርዱም? ታች ውሃ አይጠፋም።

ስንጥቅ (ግንቦት 11)

ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶና አሸዋማ ድንጋይ አለ። ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ በመንገዱ ዳር ይታያል። ውሃ ሊኖር ይችላል። ጀሶ ያለበት ውሃ ግን ይመራል፣ ሆድም ያስቸግራል። ከ200 ሜትር በላይ የሚስብ ፓምፕና መብራትም ይፈልጋል። ለአንዲት ቀበሌ አልመክርም። ከተማ ቢሆን አጥንቼ እመለሳለሁ እል ነበር።

አለት አንባቢ (ግንቦት 12)

ምንጩን ያዙት። በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ማለት በቀን 43 ሺህ ሊትር ነው። ለሰው በቀን 20 ሊትር ብንል ሁለት ሺህ ሰው ያጠጣል። የሚባክነው ሌሊት ነው። የምንጩን ዓይን በግንብ ዝጉና 18 ሺህ ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ሥሩ፣ ሌሊት በአሥር ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ምንጩ አሁን ባለበት ከቀረም ሌሊቱን 11 ሺህ ገደማ ያጠራቅማል። በላይ በኩል ያለውን መሬት ግን አጥሩት፣ ከብት እንዳይበዛበት። በመረሬና በበሰበሰ ድንጋይ ብቻ የተሸፈነ ውሃ ቶሎ ይበከላል።

የአፋፉ ልጅ (ሰኔ 6)

የዘገየሁት ሥራው ስለያዘን ነው። ግንቦት 16 ደፈንነው። ጠጠሩን ወጣቱ በሸክም አመጣ። ሲሚንቶ ሰባት ከረጢት ፈጀ፣ አንዱ የሆነ ስንጥቅ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። አሁን ጆሮ ሲያስጠጉ ድምፅ የለም። ከሲሚንቶው በላይ ውሃው 17 ሜትር ከግማሽ ላይ ቆሟል።

ልኬቱ ይኸው። ዝናብ እስካሁን አልጣለም። የኛ ምንጭ ግንቦት 16 ጠዋት 67 ሴኮንድ፣ ግንቦት 23 ቀን 66፣ ግንቦት 30 ቀን 62፣ ዛሬ 59። አንድ ኪሎ ሜትር ራቅ ያለው ሌላው ምንጭ በተመሳሳይ ቀናት 48፣ 48፣ 49፣ 50።

ስንጥቅ (ሰኔ 6)

ያኛው እየቀነሰ ያንተው መጨመሩ ጥሩ ነው። ከጠበቅሁትም ፈጥኗል፣ ስንጥቅ ሳይኖር አይቀርም። ግን አራት ልኬት ነው፣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ደግሞ ከጀሪካን አያያዝ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ለካና መሐለኛውን ውሰድ።

አለት አንባቢ (ሰኔ 7)

17 ከግማሽ ላይ መቆሙ ለእኔ ከምንጩም በላይ ደስ ይላል፣ ወለሉ ይዟል ማለት ነው። ክረምቱ ከገባ ሁለቱም ምንጮች ስለሚያብጡ ንጽጽሩ ይደበዝዛል። እስከዚያ ያሉትን ሳምንታት አታሳልፋቸው። የጉድጓዱንም የውሃ ደረጃ አብረህ ጻፍ። መስከረም ላይ ሁሉንም ይዘህ ተመለስ፣ የታኅሣሡን 40 ሴኮንድ ከሚመጣው ታኅሣሥ ጋር እናስተያያለን።

የዳንግላዋ (ሰኔ 9)

ጋሼ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ጨምረናል። ጠንካራው ድንጋይ ላይ ደረሱ። አሁን ጠዋት ጠዋት ስድስት ጀሪካን ይወጣኛል፣ ከሰዓት መልሶ ይሞላል። ቀለበቱ ቅዳሜ ይገባል።